የቀድሞ አለቃን ሪኮመንዴሽን መጠየቅ፦ «አይመቸኝም» ማለት እንዲቀላቸው አድርጎ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ደወለልኝ። ሪኮመንዴሽን ፈልጎ ነበር። መንገድ ላይ ነበርኩና «እሺ፣ ችግር የለም» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አብረን የሠራነው አምስት ወር ብቻ ነው። ስለ ሥራው የማስታውሰው ሰዓት ማክበሩን ነበር። ግን አንዴ እሺ ብያለሁ፤ መልሼ ደውዬ «ይቅርብኝ» ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ማስገቢያው ሊዘጋ ሲል ማታ ቁጭ ብዬ «ታታሪ፣ ቅን፣ ከሰው ጋር ተግባቢ» የሚል ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም። ግን ስሙን ቀይሮ ለማንም ሰው መስጠት የሚቻል ደብዳቤ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ብዙ ማመልከቻ ያየ ሰው እጅ ሲገባ ወዲያው ይታወቃል። «ኃላፊው የሚለው ነገር አጥቷል» ብሎ ያነበዋል። ልጁ ያን ቀን እምቢ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይጠቀም ነበር። እኔም እምቢ የምልበት ቀዳዳ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ጥያቄውን እንዴት እንደምታሳምሩ ብቻ አይደለም። ኃላፊያችሁ ሳይጨነቁ «አይ» እንዲሉ በሩን እንዴት እንደምትከፍቱላቸው ነው። በሩ ክፍት ሆኖ እሺ ያለ ሰው ደብዳቤውን ከልቡ ይጽፈዋል።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ወረቀት ለዩ

ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ እንደሠራችሁ የሚገልጽ ሲሆን የሰው ኃይል ክፍል ነው የሚሰጠው። ለዚህ የቀድሞ አለቃችሁን ማስቸገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ሪፈረንስ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ሲቪ ላይ ታሰፍራላችሁ፤ ቀጣሪው ሲፈልግ ይደውልላቸዋል። ይህም ቢሆን ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ግን የአሥር ደቂቃ ስልክ ነው። ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ስለ ሥራችሁ የራሱን ምስክርነት ይጽፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድበት ይችላል፣ ስሙንም ያስይዛል።

ብዙ ኃላፊ «ደብዳቤ ጻፍልኝ» ሲባል የመጀመሪያው ይመስለውና ወደ ሰው ኃይል ይመራችኋል። የምትፈልጉት ሦስተኛውን ከሆነ በግልጽ ጻፉት።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት ሴት በአንድ ድርጅት የመጋዘን መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሠርታ ወጥታለች። አሁን በአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ አመራር ማስተርስ ለመማር እያመለከተች ነው። ማመልከቻው ሥራዋን በቅርብ ያየ ሰው የሚጽፈው አንድ ደብዳቤ ይጠይቃል። ፖርታሉ ዓርብ ጥር 22 ይዘጋል።

ለኃላፊዋ የምትነግረው ቀን ጥር 22 መሆን የለበትም። የመጨረሻው ቀን ላይ ሊንኩ አልከፍት ይላል፣ ፋይሉ ከሚፈቀደው በላይ ይሆናል፣ ሰው ይታመማል። አንድ ሳምንት ትቀንሳለች፦ ዓርብ ጥር 15። ለመጻፍ ቢያንስ ሦስት ሳምንት መስጠት አለባት፤ ይህ ወደ ታኅሣሥ 24 ይወስደናል። ከዚያ በፊት ደግሞ እሺ ወይም አይ ለማለት አንድ ሳምንት ያስፈልጋል። ጥቂት ቀን ትጨምርና ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ትልካለች፤ መልስ የምትጠብቀው እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 21 ነው።

የመልሱ ቀን የራሱ ጥቅም አለው። ታኅሣሥ 21 ላይ «አይ» ቢመጣ አንድ ወር ይቀራታል፤ ሌላ ሰው በሥርዓቱ መጠየቅ ትችላለች። ጥር 18 ላይ የሚመጣ «አይ» ግን ለሁለቱም ጭንቀት ነው። ኃላፊውም ይህን ስለሚያውቁ ነው በዚያን ሰዓት እምቢ ማለት የሚያቅታቸው። ዘግይቶ መጠየቅ ራሱ አንድ የማስገደጃ መንገድ ነው፤ ባናስበውም።

ቀን ስትጽፉ የዕለቱን ስም ጨምሩ። 03/04 የሚል ነገር አንዱ የወር ሦስተኛ ቀን፣ ሌላው አራተኛ ቀን አድርጎ ያነበዋል። «ዓርብ ጥር 15» ግን አያሳስትም።

በጽሑፍ ጠይቁ

ስልክ ላይ ወይም ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው አማራጭ የለውም። ዓይናችሁን እያየ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ኢሜይል ወይም መልእክት ግን ሥራችሁን አስታውሶ፣ ቀጠሮውን አይቶ፣ አስቦ እንዲመልስ ፋታ ይሰጠዋል። ለረጅም ጊዜ ካልተገናኛችሁ አጭር የሰላምታ መልእክት ቀድሞ መሄዱ አይከፋም። ግን ጥያቄውን በሰላምታ ደብቃችሁ ሦስት ቀን አትጎትቱት፤ ሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ማለት ይጀምራል።

በመሃል ሰው አታስገቡ። «እከሌ ይቀርባቸዋል፣ እሱ ይንገርልኝ» የሚባለው ነገር የሚሠራ ይመስላል። እሺታውም ይገኛል። ግን ኃላፊው እሺ ያሉት ለእከሌ ብለው ነው፣ ደብዳቤውም የዚያን ያህል ይሆናል።

ሌላ የማይረሳ ስህተት ደግሞ አለ። ብዙ የማመልከቻ ገጽ የደብዳቤ ጸሐፊውን ኢሜይል ሲሞሉበት ወዲያው ሊንክ ይልካል። ሳይጠይቁ ኢሜይላቸውን መሙላት ማለት ኃላፊው ጥያቄውን ከእናንተ ሳይሆን ከማሽን ሰሙ ማለት ነው። እሺ እስኪሉ ድረስ ያንን ሳጥን አትንኩት።

ደብዳቤው

የምሳሌያችን አመልካች የላከችው ይህን ነው። ሰላምታው ላይ የኃላፊዋን ስም ከነማዕረጋቸው አስገብታበታለች።

> ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ጥያቄ፣ ለማስተርስ ማመልከቻ (እስከ ጥር 15)
>
> ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?
>
> በእርስዎ ሥር በመጋዘን መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሠርቻለሁ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሎ ሦስቱን መጋዘኖች እንደገና የቆጠርንበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። አንድ ዕቃ በካርቶንም በፍሬም ተመዝግቦ መገኘቱን ያኔ ለእርስዎ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።
>
> አሁን በአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ አመራር ማስተርስ ለመማር እያመለከትኩ ነው። ማመልከቻው ሥራዬን በቅርብ ያየ ሰው የሚጽፈው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ማወቅ የሚፈልጉት አመልካቹ በቁጥር ሥራ ላይ ያለውን ጥንቃቄና ችግር ሲያጋጥመው የሚያደርገውን ነው። ይህን በቅርብ ያዩት እርስዎ ስለሆኑ ነው የጻፍኩልዎ።
>
> አንድ ገጽ ይበቃል። ፖርታሉ ዓርብ ጥር 22 ይዘጋል፤ እስከ ዓርብ ጥር 15 ቢገባ ደግሞ እኔም እረጋጋለሁ። እሺ ካሉኝ የማስገቢያው ሊንክ በኢሜይልዎ ይደርስዎታል። ሲቪዬንና አብረን የሠራናቸውን ሥራዎች የሚያስታውስ አንድ ገጽ ማስታወሻም እልክልዎታለሁ።
>
> ጊዜው ባይመችዎ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ባይፈቅድ፣ ወይም ስለ ሥራዬ በዝርዝር ለመጻፍ የሚበቃ ነገር ባያስታውሱ በደንብ እረዳለሁ። ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም፤ «በዚህ ጊዜ አይመቸኝም» ቢሉኝ ይበቃል። ልጠይቀው የምችል ሌላ ሰው አለኝ። እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 21 ካልሰማሁም እንዳልተመቸዎት ቆጥሬ ወደዚያ ሰው እሄዳለሁ፤ ምንም ቅር አይለኝም።
>
> ከአክብሮት ጋር

የመጀመሪያው አንቀጽ ሥራው ማስታወስ ነው። ኃላፊዎች ብዙ ሰው አልፎባቸዋል። «በእርስዎ ሥር የሠራሁ» ከማለት ይልቅ አንድ የተለየ ቀን፣ አንድ የተለየ ችግር ጥሩላቸው። በካርቶንና በፍሬ የተመዘገበው ዕቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግን ያንን ሳምንት ሙሉ ይዞ ይመጣል። ደብዳቤውን የሚጽፉ ከሆነም የመጀመሪያው ምሳሌ ተገኘላቸው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ግልጽ ናቸው፦ ለምን፣ ለምን እርስዎ፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ። «የሚፈልጉት ይህን ነው» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። ኃላፊው «ስለዚህ የምለው አለኝ ወይስ የለኝም?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ ያደርጋል።

አሁን ወደ መጨረሻው አንቀጽ እንምጣ። በደንብ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው።

ሦስት ምክንያቶች ተደርድረዋል፦ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤት አሠራር፣ አለማስታወስ። አንዳቸውም «ሥራሽ ጥሩ አልነበረም» አይሉም። ኃላፊው እውነተኛ ምክንያታቸው ያ ቢሆን እንኳ ከሦስቱ አንዱን አንስተው በክብር መውጣት ይችላሉ። እናንተም በክብር ትቀበላላችሁ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ሰበብ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ድርጅት ኃላፊዎቹ በድርጅቱ ስም አስተያየት እንዳይጽፉ ይከለክላል፤ የሥራ መደብና የቆይታ ጊዜ ብቻ እንዲረጋገጥ ነው የሚፈቅደው።

«በዝርዝር ለመጻፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ወንፊት ነው። «ይጽፉልኛል?» ከተባሉ መልሱ እሺ ነው። «በዝርዝር የሚጽፉት ነገር አለዎት?» ሲባሉ ግን ቆም ይላሉ። እኔ ያን ቀን መንገድ ላይ የተጠየቅኩት እንዲህ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ የእምቢታው ቃል ራሱ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል፦ «በዚህ ጊዜ አይመቸኝም»። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰው መልስ የሚያዘገየው ግን ብዙ ጊዜ የእምቢታውን ቃል ስለሚፈልግ ነው። ቃሉን ከሰጣችሁት ገልብጦ ይልከዋል።

«ሌላ ሰው አለኝ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ሸክሙን ታወርዳለች። ግን እውነት መሆን አለባት። ጥያቄውን ከመላካችሁ በፊት ሁለተኛውን ሰው አስቡ፦ ሥራችሁን ያየ የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ የሌላ ክፍል ኃላፊ፣ ከእናንተ በላይ የነበረ ባልደረባ። ቦታዋንም ልብ በሉ። «ይህን በቅርብ ያዩት እርስዎ ስለሆኑ» ከሚለው በኋላ ነው የመጣችው። ቀድማ ብትመጣ «እርስዎ ባይሆኑም ግድ የለኝም» ትመስላለች።

የመጨረሻዋ ደግሞ ዝምታን መልስ ታደርገዋለች። ይህን የማይወድ ሰው አለ፤ «ኢሜይሉ ባይደርስስ?» ይላል። ልክ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት አጭር የስልክ መልእክት ላኩ፦ «ማክሰኞ ዕለት ኢሜይል ልኬልዎት ነበር፤ ምናልባት ስፓም ገብቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ካልተመቸዎት መመለስ አያስፈልግም።» ከዚህ በላይ አትከተሉ።

በሩን መልሰው የሚዘጉ ቃላት

እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ጽፎ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ የሚያበላሸው ብዙ ነው። «እምቢ እንደማይሉኝ እተማመናለሁ።» «ከእርስዎ ሌላ ማንም የለኝም።» «ዕጣ ፈንታዬ በእጅዎ ነው።» እነዚህ ሲነበቡ ከላይ ያለው ትሕትና ሁሉ ማባበያ ይሆናል። «ስለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የሚለው የተለመደ መዝጊያም እዚህ አይመጥንም። እሺ ሳይሉ ምስጋና መክፈል እምቢታን ዕዳ ያደርገዋል። የምስጋናው ጊዜ መልሱ ሲመጣ ነው።

መልሱን ማንበብ

ግልጽ እሺ ከመጣ በዚያው ቀን ቃል የገባችሁትን ማስታወሻ ላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሠራችሁበት ጊዜና መደብ፣ ኃላፊው ራሳቸው ያዩአቸው ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ከነውጤታቸው፣ ደብዳቤው እንዲመልስ የሚፈለገው ጥያቄ፣ የማስገቢያው መንገድ፣ ቀኑ። እሳቸው ያላዩትን ነገር አታስገቡ፤ ሊመሰክሩበት አይችሉም። ከዚያ ኢሜይላቸውን ፖርታሉ ላይ ሙሉና «ሊንኩ አሁን ተልኳል፣ ካልታየዎት ስፓም ውስጥ ይፈልጉት» በሏቸው። የትኛውን ኢሜይል እንደሚመርጡ ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ተቋም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል እንጂ የግል አይቀበልም። ጥር 8 ላይ አንድ ለስላሳ ማስታወሻ፣ ጥር 13 ላይ ካስፈለገ ሌላ። ሦስተኛ የለም።

አስቸጋሪው የግማሹ እሺ ነው። «እስቲ ላኪልኝና ልየው።» «ጊዜ ካገኘሁ እሞክራለሁ።» «ብዙም አላስታውስም እንጂ እንጽፍልሻለን።» እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በይሉኝታ የተለበጡ እምቢታዎች ናቸው። እሺ ብላችሁ አትያዟቸው። በሩን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ክፈቱ፦ «ሥራ እንደበዛብዎ ገብቶኛል። ሌላ ሰው ብጠይቅ ይሻልዎታል?» ብትሏቸው፣ መጻፍ የሚፈልጉ ከሆነ «ኧረ እጽፋለሁ» ይላሉ። የማይፈልጉ ከሆነ እፎይ ይላሉ።

«አንቺው ጽፈሽ አምጪውና እፈርማለሁ» የሚልም አለ። ደግነት ነው፣ ግን ሁለት ችግር አለው። ብዙ ተቋማት ደብዳቤው የጸሐፊው የራሱ ቃል እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ አመልካቹ ጽፎት ከተገኘ ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ባሻገር፣ ሰው ራሱን ሲያወድስ ያፍራል ወይ ያጋንናል፤ የማመልከቻ ድርሰታችሁ ቋንቋም ከደብዳቤው ጋር አንድ ይሆናል። «ተቋሙ በእርስዎ ቃል እንዲሆን ይጠይቃል፤ እኔ ነጥቦቹን በዝርዝር ልላክልዎት፣ እርስዎ በሚመችዎ መንገድ ያድርጉት» በሏቸው። ያም ከበዛባቸው እንደ እምቢታ ቁጠሩት።

እምቢታው ሲመጣ ደግሞ ለምን አትበሉ። የምሳሌያችን ሴት ታኅሣሥ 19 ላይ ይህ መልስ ደረሳት፦ «ሥራሽን በደንብ አስታውሳለሁ። ግን አሁን ባለሁበት ቦታ ደብዳቤ እንድጽፍ አይፈቀድልኝም። ቆጠራውን ያስተባበረችውን ሴት ብትጠይቂያት እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።»

እሷም እንዲህ መለሰች፦ «ቶሎ ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጊዜ ቆጥቦልኛል። አስተባባሪዋን ዛሬ እጠይቃለሁ። እርስዎ እንደጠቆሙኝ ብነግራት ቅር ይልዎታል?»

«ንገሪያት» አሏት። ያንኑ ደብዳቤ ሰላምታውን፣ የመጀመሪያውን አንቀጽና የመልሱን ቀን ቀይራ ታኅሣሥ 20 ላከችው። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን ከቀኑ በስተቀር እንዳለ ተወችው።